አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አራት መጋጠሚያ፦ በአማርኛ የጾታና የቁጥር መፋለስ ከጀበል ኩጁር ሲታይ

አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገሩ ሰዎች የሚፈጽሙትን የሰዋስው ስሕተት ለመዘርዘር ሲሞከር አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ደጋግሞ ይመጣል። በአንደኛው ዓምድ የተነገረው ዓረፍተ ነገር፣ በሁለተኛው «ትክክለኛው» ቅርጽ፣ በሦስተኛው ደግሞ «የጾታ መፋለስ» ወይም «የቁጥር መፋለስ» የሚል ፍርድ ይሰፍራል። ሠንጠረዡ ለአራሚ መምህር ምቹ ነው። የጉድለቱ ምንጭ ግን ሦስተኛው ዓምድ ነው፤ ግስ ከባለቤቱ፣ ቅጽል ከስሙ፣ የተውላጠ ስም ቅጥያ ከሚያመለክተው ሰው ጋር የሚስማሙበት ሕግ አንድ ብቻ እንደሆነ አድርጎ ይቈጥራል። በአማርኛ ሕጉ አንድ አይደለም። በአንዱ መጋጠሚያ ላይ ዓረፍተ ነገሩን የሚያፈርሰው አለመስማማት በሌላው መጋጠሚያ ላይ ራሱ ሰዋስው ሊሆን ይችላል።

የዚህ ዓይነቱ ጥቅል ፍርድ ከፍ ያለ ዋጋ ከሚያስከፍልባቸው ቦታዎች አንዷ ጁባ ናት። በዚያች ከተማ አማርኛ የሚናገሩ ሁለት ወገኖች ይገናኛሉ። አንደኛው ወገን ለንግድና ለሥራ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ከእነርሱም ጋር በዚያው የሚያድጉ ልጆቻቸው አሉ። ሁለተኛው ወገን በኢትዮጵያ በስደት የኖሩና አማርኛን እዚያ የለመዱ ደቡብ ሱዳናውያን ናቸው፤ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጋምቤላ በኢታንግ ሰፈር ያለፉት የመጀመሪያው ትልቅ ትውልድ ናቸው። ሁለቱም ወገኖች በገበያና በመንገድ የሚግባቡበት ቋንቋ የጁባ ዓረብኛ ነው። ይህ ቋንቋ የጾታ ስምምነት የሌለው በመሆኑ፣ ከጁባ አማርኛ ተናጋሪ አፍ የሚወጣ የጾታም ሆነ የቁጥር መፋለስ ሁሉ «የዓረብኛው ተጽዕኖ» እየተባለ ይዘጋል። መልሱ ቀድሞ የተገኘ ስለሚመስል ጥያቄው ሳይጠየቅ ይቀራል።

ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር መመርመር ይቻላል። ከጁባ በስተ ምዕራብ ድንጋያማው ኮረብታ ጀበል ኩጁር ይገኛል፤ በግርጌው ድንጋይ በእጃቸው እየፈለጡ ለግንባታ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ስለ አንዲቱ የሚናገር ሰው እንዲህ ቢል፦

(1) ድንጋይ የምትፈልጠው ሴት ሦስት ልጆች አላት፤ ትናንት አየሁት፤ በጣም ደክሟታል።

ዓረፍተ ነገሩ ለምርመራ የተቀናበረ እንጂ ከአንድ ሰው አንደበት የተቀዳ አይደለም። ቢሆንም በውስጡ አማርኛ ለሚሰማ ሰው እንግዳ የሆነ ቃል የለም። በሠንጠረዡ ሕግ ቢታይ ግን አራት መፋለስ ይገኝበታል። በ«የምትፈልጠው» ውስጥ እምር አመልካቹ ተባዕታይ ሲሆን ሴቲቱ አንስታይ ናት። በ«ልጆች አላት» ስሙ ብዙ፣ ግሱ ነጠላ ነው። በ«አየሁት» ቅጥያው ተባዕታይ ነው። በ«ደክሟታል» የግሱ ባለቤት አመልካች ተባዕታይ፣ ቅጥያው አንስታይ ነው። ከአራቱ ስሕተት የሚባለው አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ የአማርኛ ሰዋስው ራሱ ናቸው። አንዱ ደግሞ በመለወጥ ላይ ያለ ግንባታ ነው። የትኛው የት እንደሚወድቅና በምን እንደሚለይ በየተራ ማየት ይገባል።

ከ«የምትፈልጠው» ይጀመር። «ድንጋይ» እምር ያልሆነ ተሳቢ ስለሆነ በመጨረሻ ያለው ‑ው የተሳቢ ቅጥያ ሊሆን አይችልም፤ እምር አመልካች ነው። በተራ ቅጽል ላይ እምር አመልካቹ ጾታ ይለያል፤ «ረጅሟ ሴት» ይባላል፣ «ረጅሙ ሴት» አይባልም። ቅጽሉ ከግስ የተመሠረተ አንጻራዊ ሐረግ ሲሆን ግን «የመጣችው ሴት»፣ «የምትፈልጠው ሴት» ማለት መደበኛው ነው። «የመጣችዋ» የሚል ቢሰማም ግዴታ አይደለም፤ ለብዙ ጆሮም ጐላ ያለ አነጋገር ነው። የልዩነቱ ምክንያት ሩቅ አይደለም። በ«ረጅም» ላይ ጾታን የሚሸከም ሌላ ምልክት ስለሌለ እምር አመልካቹ ሸክሙን ይወስዳል። በ«የመጣች‑» ግን ግሱ በ«‑ች» ጾታውን አስቀድሞ ተናግሯል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ‑ው እምርነትን ብቻ ይነግራል።

ስለዚህ በዚህ ቃል ስሕተት ካለ የሚፈለገው በመጨረሻው ሳይሆን በመካከሉ ነው። «የሚፈልጠው ሴት» ያለ ሰው በእርግጥ አፋልሷል፤ በግሱ ላይ ት‑ መሆን የሚገባውን ይ‑ አድርጎታልና። አራሚው ዓይኑን በ‑ው ላይ ከተከለ ትክክለኛውን ቃል ይሰርዛል፤ የፈረሰውንም ለማረም «የሚፈልጠዋ» ብሎ ከመጀመሪያው የባሰ ሊጽፍ ይችላል።

ወደ «ደክሟታል» ሲታለፍ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። ቃሉ «ደክሞ»፣ «‑ኣት» እና «‑ኣል» ከሚሉ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። ግሱ የሦስተኛ መደብ ነጠላ ተባዕታይ ቅርጽ ይዟል፤ ነገር ግን በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የደከመ ወንድ የለም፤ ባለቤት የሚሆን ስምም የለም። ይህ ቅርጽ ለግሱ ጾታና ቁጥር የሚያዝዝለት ስም በሌለበት ጊዜ የሚወጣ ነባሪ ቅርጽ ነው። ድካሙ የደረሰባት ሴት የተመለከተችው በተሳቢ ቅጥያው ነው። «ራባት»፣ «ጠማት»፣ «በረዳት» ሁሉም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

መስማማትን እንደ ጥቅል ሕግ የተማረ ሰው እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት የእርማት ስሕተት ነው። ሴት ስለሆነች ግሱ አንስታይ መሆን አለበት ብሎ «ራበች» ይላል። ቃሉ በዚህ ትርጉም በአማርኛ የለም። በ«ደከመ» ደግሞ ነገሩ ተንኰለኛ ነው፤ «ደክማለች» የሚል ትክክለኛ ቃል አለና። ትርጉሙ ግን ተለውጧል። «ደክሟታል» የዛሬን ድካም፣ አርፋ የምትረሳውን ይናገራል፤ «ደክማለች» አቅሟ መድከሙን፣ በእርጅና ወይም በሕመም መዳከሟን ወደ መናገር ያዘነብላል። ድንጋይ ስትፈልጥ ስለዋለች ሴት ሁለተኛውን ያለ ሰው የስምምነት ሕጉን አልጣሰም። ሊለው ያላሰበውን ነገር ግን ተናግሯል። በጽሑፍ እርማት ላይ ይህ ዓይነቱ ስሕተት አይታይም፤ ሠንጠረዡ የሚይዘው የተፋለሰውን ብቻ ነውና።

በጣም የሚያከራክረው «ሦስት ልጆች አላት» ነው። «አለ» ባለቤትነትን ሲናገር የሰዋስው ባለቤቱ ያለው ነገር እንጂ ባለሀብቱ አይደለም። ሴቲቱ በተሳቢ ቅጥያ ትመለከታለች፤ ግሱ የሚስማማው ከልጆቹ ጋር ነው። ስለዚህ በጽሑፍ አማርኛ «ሦስት ልጆች አሏት»፣ «ሦስት ልጆች ነበሯት»፣ «ልጆች የሏትም» ይጠበቃል። ስሙ በነጠላ ቅርጽ ሲቀር፣ ማለትም «ሦስት ልጅ አላት» ሲባል፣ ግሱም በነጠላ ይቀራል፤ ይህ ማንንም አያስቈጣም። የሚያስቈጣው የሁለቱ ድብልቅ፣ ብዙ ስም ከነጠላ ግስ ጋር፣ ሲመጣ ነው። ይሁንና ድብልቁ በጁባ አልተፈጠረም። አማርኛ ብቻ በሚናገሩ የአዲስ አበባ ሰዎች ዘንድም ዘወትር ይሰማል።

ለምን በዚህ ግስ ላይ? ዓረፍተ ነገሩ የሚጀምረው በሴቲቱ ነው፤ ወሬው ስለ እርሷ ነው፤ በግሱ ላይ ያለው «‑ኣት» ደግሞ እርሷን ያመለክታል። ሰሚም ተናጋሪም «አላት» የሚለውን በአንድ ትንፋሽ እንደ አንድ ግስ ይይዙታል፤ ሰዋስዋዊው ባለቤት ልጆቹ መሆናቸውን የሚያስታውስ ነገር ከእምር ያልሆነው «ሦስት ልጆች» በቀር የለም። ቅጥያው የባለቤት አመልካችን ስፍራ እየወረሰ ነው ማለት ይቻላል። በ«ደክሟታል» ላይ የታየው ሥርዓት እዚህ ላይ ገፋ ብሎ መጥቷል፤ በዚያ ባለቤት የሚሆን ስም ጨርሶ የለም፣ በዚህ ስሙ አለ፤ ግን እንደ ባለቤት መታየቱ እየቀረ ነው።

ይህ ለውጥ መሆኑና የተናጋሪው ድክመት አለመሆኑ በሁለት መንገድ ይታወቃል። የመጀመሪያው ያንኑ ተናጋሪ በሌሎች ግሶች መፈተን ነው። «ሦስት ልጆች አላት» የሚል ሰው «ልጆቹ መጣ» የማይል ከሆነ፣ የብዙ ቁጥር ስምምነቱ ያልተነካ ነው፤ መላላቱ በዚህ አንድ ግንባታ ተወስኗል። ሁለቱንም የሚል ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሁለተኛው ፈተና በእምርነት ነው። «ልጆቹ አሏት፤ ብቻዋን አይደለችም» በሚለው ውስጥ «ልጆቹ አላት» ማለት ለጆሮ በግልጽ ይከብዳል። ስሙ እምር ሲሆን ባለቤትነቱን ያስከብራል፤ እምር ሳይሆን ሲቀር ያጣዋል። ዝም ብሎ የሚደረግ ስሕተት እንዲህ ያለ ወሰን አያከብርም።

በጾታም ተመሳሳይ ልልነት አለ። «እህት አለችኝ» እና «እህት አለኝ» ሁለቱም ይባላሉ፤ «እህቴ መጣ» ግን አይባልም። ይህን ያስተዋለ ሰው «ሦስት ልጆች አላት»ን በስሕተት ዝርዝር ውስጥ ሲያገኘው «እህት አለኝ» ለምን አብሮ እንዳልተዘረዘረ መጠየቅ ይገባዋል። መልሱ ምናልባት የመጀመሪያው በትምህርት ቤት ስለሚታረምና ሁለተኛው ስለማይታረም ብቻ ነው።

የቅጽል ነገር በ(1) ውስጥ ባይኖርም እዚህ ላይ ባጭሩ ቢነሣ ይጠቅማል፤ የቁጥር መፋለስ ከሚባለው ብዙው የሚቈጠረው በእርሱ ላይ ነውና። «ትልልቅ ድንጋዮች»፣ «ትልቅ ድንጋዮች»፣ «ትልልቅ ድንጋይ» ሦስቱም ይባላሉ። «ድንጋዮቹ ትልልቅ ናቸው» እና «ድንጋዮቹ ትልቅ ናቸው» ሁለቱም ይባላሉ። በተለይ «ትልልቅ ድንጋይ ተሸከመች» የሚለው ወሳኝ ነው፤ ስሙ በነጠላ ቅርጽ ሳለ ቅጽሉ በድግግሞሽ ብዛትን ይናገራል። ቅጽሉ ከስሙ የሚቀዳው ብዛት ከሌለ ድግግሞሹ ስምምነት ሊሆን አይችልም፤ ራሱን የቻለ የብዛት ትርጉም ነው። ስምምነት በሌለበት መፋለስ ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ ይህ ረድፍ ከሠንጠረዡ በሙሉ መውጣት ይገባዋል። ከግሱ ግን መሸሽ የለም፤ ስለ ሰዎች ሲነገር «ሴቶቹ ደካማ ነው» ማለት በማንኛውም መለኪያ ይፈርሳል።

አሁን የቀረው «አየሁት» ነው። ይህ ስሕተት ነው፤ ስሕተትነቱንም ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ያጋልጣል፤ አንዲት ሴት በ«አየሁት» ተባዕታይ፣ በ«ደክሟታል» አንስታይ ሆናለችና። ነገር ግን ምን ዓይነት ስሕተት ነው? «የተሳቢ ስምምነት መፋለስ» የሚለው መልስ ቸኵሎ የተሰጠ ነው። በአማርኛ የተሳቢ ቅጥያ ከእምር ተሳቢ ጋር ሲመጣ ምን እንደሆነ በባለሙያዎች መካከል ክርክር አለ። ማርክ ቤከር በ2012 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ነው ሲል፣ ሩት ክሬመር በ2014 (እ.ኤ.አ.) ተሳቢውን የሚደግም ተለጣፊ ተውላጠ ስም ነው ስትል ተከራክራለች። ክርክሩ ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለም። ኦመር ፕረሚንገር በ2009 (እ.ኤ.አ.) ሁለቱን ለመለየት ያቀረበው ሐሳብ የሚመረኰዘው እያንዳንዱ ሳይሳካ ሲቀር በሚተወው ዱካ ላይ ነው፤ ስምምነት ሳይሳካ ሲቀር ነባሪው ቅርጽ ይወጣል፤ ድጋሚው ተውላጠ ስም ሳይሳካ ሲቀር ግን ቦታው ባዶ ይሆናል። ፕረሚንገር የሚናገረው ስለ ሰዋስው ሥርዓት እንጂ ስለ አንደበት ስሕተት አይደለም፤ ወደ ንግግር ስሕተት ሲወሰድ ይህ መዘንጋት የለበትም። እንደ መነሻ ግን ጥሩ ብርሃን ይሰጣል።

በአማርኛ ግስ ባለቤቱን ሲያጣ «ደክሟታል» ላይ እንደታየው ነባሪ ተባዕታይ ቅርጽ ይለብሳል። ተሳቢው ላይ ግን «ሴቲቱን አየኋት» እና «ሴቲቱን አየሁ» ሁለቱም ይባላሉ፤ ቅጥያው ቀረ ማለት ቦታው ባዶ ሆነ ማለት እንጂ «ሴቲቱን አየሁት» ይሆናል ማለት አይደለም። እንግዲህ ተናጋሪው በተሳቢው ላይ መስማማት ቢያቅተው የሚጠበቅበት ዱካ «አየሁት» አይደለም፤ ባዶ «አየሁ» ነው። በ(1) ውስጥ ደግሞ ተሳቢ የሆነ ስም ጨርሶ የለም፤ ቅጥያው ራሱ ተውላጠ ስም ሆኖ ሴቲቱን ይተካል። ስለዚህ «አየሁት» ያለ ሰው ከ«እሷ» ይልቅ «እሱ»ን መርጧል ማለት ነው። መፋለሱ በሁለት ቃላት መካከል ባለው ስምምነት ላይ ሳይሆን በተውላጠ ስም ምርጫ ላይ ነው።

የጁባ ዓረብኛ ወደ ነገሩ መግባት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ስቴፋኖ ማንፍሬዲና ሣራ ፔትሮሊኖ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባቀረቡት ገለጻ እንደሚታየው በዚህ ቋንቋ ግስ በመደብ፣ በጾታና በቁጥር አይለወጥም። ለነጠላ ሦስተኛ መደብ አንድ ተውላጠ ስም ብቻ፣ «ኡዎ»፣ አለ፤ ወንዱም ሴቷም በእርሱ ይጠራሉ። ተሳቢም ሲሆን ያው ቃል ከግሱ በኋላ ይቆማል፤ «አና አይኑ ኡዎ» ማለት «አየሁት»ም «አየኋት»ም ነው። ይህን ቋንቋ ቀኑን ሙሉ የሚናገር ሰው በአማርኛ በተውላጠ ስም ምርጫ ላይ ቢሰናከል ግምቱ ምክንያታዊ ይሆናል። ከአራቱ «መፋለሶች» አንዱ፣ እርሱም እውነተኛው ስሕተት፣ በዓረብኛው ሊብራራ ይችላል። የቀሩት ሦስቱ ከዓረብኛው ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ በጎንደርም በአዲስ አበባም ያሉ ናቸውና።

ይህም ቢሆን ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ለማረጋገጥ አንድ ቀላል መንገድ አለ። ያንኑ ተናጋሪ ተሳቢውን በራሱን በቻለ ተውላጠ ስም እንዲናገር ማድረግ ነው፤ ለምሳሌ ከሁለት ሰዎች አንዱን ለይቶ እንዲያመለክት የሚያስገድድ ጥያቄ በመጠየቅ። ከዚያ ከሦስቱ አንዱ ይመጣል፦

(2) እሱን አየሁት።
(3) እሷን አየሁት።
(4) እሷን አየኋት።

ስለ ሴቲቱ (2)ን ያለ ሰው ሁለቱን ተውላጠ ስሞች በጾታ አይለይም፤ የ«ኡዎ» ግምት በዚህ ይጠነክራል። (3)ን ያለ ሰው ተውላጠ ስሞቹን ይለያል፤ የጐደለው የቅጥያው ስምምነት ነው። ይህ ግን በ«ኡዎ» አይገለጥም፤ የክሬመርና የቤከር ክርክርም በእውነተኛ መረጃ የሚፈተነው እንዲህ ያለ ተናጋሪ ሲገኝ ነው። (4)ን ያለ ሰው ደግሞ በ(1) ላይ የምላስ ማዳለጥ እንጂ ሌላ አልገጠመውም፤ በዝርዝሩ ውስጥ ስፍራ የለውም። ሦስቱ ሰዎች በሠንጠረዡ ላይ አንድ ናቸው፤ ሦስቱም «አየሁት» ብለዋልና።

ዓረብኛውን ብቸኛ ተጠያቂ ከማድረግ በፊት የጁባ አካባቢ ቋንቋ ባሪ መሆኑም መታሰብ አለበት። ባሪ በሦስተኛ መደብ ተውላጠ ስሙ ጾታ ባይለይም በአመልካቾቹና በአንጻራዊ ሐረጎቹ «ሎ» ለተባዕታይ፣ «ና» ለአንስታይ እያለ ይለያል። ባሪ አፍ የፈታ ሰው ጾታ የሰዋስው ነገር መሆኑ አዲስ አይሆንበትም። አዲስ የሚሆንበት በተውላጠ ስም ላይ መገኘቱ ነው። ይህ ሰው በ«ይቺ ሴት» ሳይሳሳት በ«አየኋት» ላይ ቢሳሳት የሚያስገርም አይሆንም፤ የአፍ መፍቻው ዲንቃ ወይም ኑዌር የሆነ ተናጋሪ ተመሳሳይ ይሆን እንደሆነ ደግሞ ለብቻው የሚጠና ነው። ሁሉንም «የጁባ አማርኛ» በሚል አንድ ስም መጠቅለል ይህን ልዩነት ያጠፋዋል።

አንድ ችግር ይቀራል፤ እርሱም ግዑዝ ስሞች ናቸው። እስካሁን የተባለው ሁሉ ስለ ሴት ነው፤ ጾታዋ በዓለም የታወቀ ነው። ስለ ከተማ፣ ስለ መኪና፣ ስለ ኮረብታው ሲነገር ግን አማርኛ ለተናጋሪው ምርጫ ይሰጣል፤ ቮልፍ ሌስላውም በ1995 (እ.ኤ.አ.) በታተመው ሰፊ ሰዋስው ይህን ተለዋዋጭነት መዝግቧል። «ከተማው ሰፋ» ይባላል፤ «ከተማዋ ሰፋች» ይባላል። አንስታዩ አንዳንዴ ፍቅርን፣ አንዳንዴ ትንሽነትን፣ አንዳንዴም ልማድን ብቻ ይሸከማል፤ ሰው መኪናውን ሲወድደውም ሲረግመውም «እሷ» ሊለው ይችላል። (ለሰውም ቢሆን ምርጫው ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ትንሽ ወንድ ልጅን በማቈላመጥ «አንቺ» ማለት የተለመደ ነው፤ ያን የሰማ ጀማሪ ተማሪ መደናገሩ አይቀርም።)

ስለዚህ ግዑዝ ስም ላይ «ጾታው ተሳስቷል» የሚል እርማት መሠረት የለውም። ሊባል የሚችለው የተመረጠው ጾታ አልተጠበቀም ነው። «ከተማዋ ሰፋ» ይፈርሳል፤ ምክንያቱም ከተማ ሴት ስለሆነች አይደለም፤ ተናጋሪው በእምር አመልካቹ አንስታይን መርጦ በግሱ ከምርጫው ስለ ወጣ ነው። ይህ ሕግ ግን እንደ ርቀቱ ይላላል። በአንድ ስምና በግሱ መካከል ጥብቅ ነው። በሁለት ሐረጎች መካከል፣ «መኪናዋ ተበላሸች፤ ባለፈው ዓመት ነው የገዛሁት» እንደሚባለው፣ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ስለ ሴቲቱ በተመሳሳይ ርቀት የተነገረው «አየሁት» ግን ወዲያው ይሰማል። ጆሮ ከሰው ጾታ ይልቅ ለስም ጾታ ይቅርታ ያደርጋል።

ለዚህ ነው መረጃ ሲሰበሰብ ግዑዙና ሰው የሆነው በአንድ ላይ መቈጠር የሌለባቸው። ሁለቱ ከተደባለቁ አማርኛ አፍ የፈቱትም የጁባ ተናጋሪዎችም ተመሳሳይ ብዛት ያለው «መፋለስ» ያሳያሉ፤ የመጀመሪያዎቹ በመኪና ላይ፣ የኋለኞቹ በሴት ላይ ቢሆንም ድምሩ ልዩነቱን ይደብቀዋል። የመኪናው ዓይነት ከቈጠራው ሲወጣ ልዩነቱ በተውላጠ ስሙ ላይ ብቻ ጐልቶ ይታይ እንደሆነ ያኔ መናገር ይቻላል።

ከዚህም ሌላ ስሕተትን ብቻ የሚቈጥር ሠንጠረዥ ሽሽትን አይቈጥርም። «አየኋት» ማለት የሚያስቸግረው ሰው «ሴቲቱን አየሁ» ብሎ ስሙን እየደገመ መናገር ይችላል። ሰዋስዉ ይፈቅድለታል፤ ማንም አያርመውም፤ በሠንጠረዡም ላይ ከስሕተት የጸዳ ተናጋሪ ሆኖ ይመዘገባል። የጁባ ዓረብኛ ተጽዕኖ በእርግጥ ካለ ከሁሉ አስቀድሞ ሊገኝ የሚችለው በዚህ ስፍራ ነው፤ የታወቀ ሰው በተሳቢነት በተነሣ ቍጥር ቅጥያ ስንት ጊዜ እንደመጣ፣ ስንት ጊዜ ደግሞ ስሙ ተደግሞ ቅጥያው እንደቀረ፣ በአዲስ አበባና በጁባ ጐን ለጐን ሲቈጠር።